ቀዩ ቀለም የት ገባ?

የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ፣ ወይም ፎቶውን ስልኩ ላይ አጉልቶ የተመለከተ ሰው የማይረሳው ነገር አለ። ገጹ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ይወርድና ድንገት አንድ መስመር ቀይ ይሆናል። ብዙዎቻችን ቀዩን የምናውቀው በክብር ነው፤ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ስለሚጻፍ። ግን ቀዩ ሌላም ሥራ ነበረው። አዲስ ክፍል ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ቃላት በቀይ ይጻፉ ነበር። የግእዝ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ አንድ ቃል «እዚህ ጋ ነው የምጀምረው» ብሎ ራሱን ከፍ የሚያደርግበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ጸሐፊው ቀለም ቀየረ።

ስንክሳርን አስቡት። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በዕለት በዕለት ተከፋፍሎ የተጻፈ ነው። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው ብሎ የሚከፍተው የለም፤ የሚከፈተው የዕለቱን ፍለጋ ነው። መጽሐፈ መድኃኒትም እንደዚያው ነው። የሕመሙ ስም ከፊት ይመጣል፣ ሥሩና ቅጠሉ፣ አዘገጃጀቱና አወሳሰዱ ይከተላል። ሆዱን የታመመ ሰው ስለ ራስ ምታት የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ እንዲደርስ አይጠበቅበትም። እነዚያ ጸሐፊዎች አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፦ የሚነበብ ጽሑፍ አለ፣ የሚፈለግበት ጽሑፍ ደግሞ አለ። ሁለተኛውን የሚከፍት ሰው በፊት ለፊት በር አይገባም። በጎን ነው የሚገባው፣ በመስኮት ነው የሚገባው፣ አንዳንዴም በጣሪያ።

ዛሬ በአማርኛ የሚጻፈው ረጅም የ«እንዴት ይሠራል» ጽሑፍ ይህን የረሳ ይመስለኛል። ንዑስ ርዕስ የለውም ማለቴ አይደለም። አለው፤ በብዛት አለው። ችግሩ ርዕሶቹ የጸሐፊው መሆናቸው ነው። ትችቴም እዚህ ላይ ነው፦ ንዑስ ርዕስ የጸሐፊው ካዝና ላይ የተለጠፈ ስም ሳይሆን አንባቢው ይዞት የመጣው ጥያቄ መሆን አለበት። ይህንን በአየር ላይ ከማወራው አንድ ማሳ ውስጥ ገብቼ ላሳይ።

ሽንኩርት፦ ከመርሳ ማሳ የተነሣ ጥያቄ

ከወልድያ ወደ ደሴ ሲወረድ፣ ስሪንቃን አልፎ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መርሳ አለች፤ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ። በዚያ ቆላማ መሬት፣ ወደ ጊራናም ጭምር፣ ወንዝ እየጠለፉ በመስኖ ማልማት የኖረ ነገር ነው፤ ሽንኩርት ከሚለሙት አንዱ ነው። ስሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ መርሳ ላይ ደግሞ የግብርና ኮሌጅ። ማለትም የእርሻ ዕውቀት በጽሑፍ የሚዘጋጅበት ቦታና ጽሑፉ የሚፈተንበት ማሳ እዚያው ጎን ለጎን ናቸው።

አሁን አንድ ወጣት አስቡ። አባቱ «ና እስቲ ይህን እይ» ብለው ወደ ማሳው ይጠሩታል። የሽንኩርቱ ቅጠል ላይ ነጭ፣ ብር የመሰለ መስመር ወጥቷል፤ ጫፉ መጠምዘዝ ጀምሯል። ልጁ ስልኩን ያወጣል። የቻርጁ ቀይ መስመር ይታያል፣ ፀሐዩ ስክሪኑን አጥፍቶበታል፣ ኔትወርኩም እንደምታውቁት ነው። አንድ ረጅም የሽንኩርት አመራረት መመሪያ ያገኛል። የሚያየው ዝርዝር ከሞላ ጎደል ይህን ይመስላል፤ ከአንድ ተቋም የቀዳሁት ሳይሆን በየቦታው የሚደጋገመው አጽም ነው፦

መግቢያ
የሽንኩርት ኢኮኖሚያዊ ጠቀሜታ
ተስማሚ ሥነ ምህዳር
የዝርያ መረጣ
የችግኝ መደብ ዝግጅት
የማሳ ዝግጅት
የተከላ ርቀት
የማዳበሪያ አጠቃቀም
የመስኖ ውሃ አጠቃቀም
የሰብል ጥበቃ
የምርት አሰባሰብና የድኅረ ምርት አያያዝ
ማጠቃለያ

ልጁ የቱን ይንካ? ባለሙያ ከሆናችሁ «የሰብል ጥበቃ» ትላላችሁ። ትክክል ናችሁ። ግን እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ነጩ መስመር ተባይ ወይም በሽታ መሆኑን፣ ከዚያም ተባይና በሽታ በአንድ ላይ «ጥበቃ» ተብሎ እንደሚጠራ ማወቅ አለባችሁ። መልሱን የሚያገኘው መልሱን ቀድሞ የሚያውቅ ብቻ ነው። ልጁ ግን የያዘው አንድ ነገር ነው፦ ቅጠል፣ ነጭ፣ መስመር። ከዝርዝሩ ውስጥ እነዚህ ሦስት ቃላት አንዳቸውም የሉም።

ይህ አጽም ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። የክፍል አጽም ነው። ሰልጣኝ ቁጭ ብሎ ከመግቢያው እስከ ማጠቃለያው ሲማር ይህ ቅደም ተከተል ይሠራል፤ ምክንያቱም አስተማሪው ፊት ለፊት ቆሟል፣ የጠፋበት ተማሪም እጁን ያወጣል። ስልኩን ይዞ ማሳ ላይ የቆመው ልጅ እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? ለእሱ አስተማሪው ንዑስ ርዕሱ ነው።

«የ» የተደረደረበት የግራ ጠርዝ

ዝርዝሩን መለስ ብላችሁ እዩት፤ አሁን በትርጉሙ ሳይሆን በዓይናችሁ። ከ12ቱ ርዕሶች 9ኙ የሚጀምሩት በ«የ» ነው።

ይህ የሰዋስው ጥፋት አይደለም፤ አማርኛ እንደዚያ ነው የሚያያይዘው። ግን ገረፍ ገረፍ አድርጎ ለሚያይ ዓይን ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ያኮብ ኒልሰን የ232 ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በስክሪን ላይ ተከታትሎ ያወጣው ውጤት ዛሬም ይጠቀሳል፦ ሰው ድረ ገጽ ላይ ሲያይ መጀመሪያ የላይኛውን መስመር አግድም ይሄድበታል፣ ቀጥሎ ወረድ ብሎ አጠር ያለ መስመር ያያል፣ ከዚያ በኋላ በግራ ጠርዝ ቁልቁል ይወርዳል። ጥናቱ የተሠራው በአማርኛ አንባቢ ላይ አይደለም። ግን እኛም ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምናነበው፣ ስለዚህ ቁልቁል የሚወርደው ዓይን መጀመሪያ የሚያገኘው የርዕሱን የመጀመሪያ ቃል ነው። የመጀመሪያው ቃል ሁልጊዜ በ«የ» ከጀመረ፣ የመጨረሻው ደግሞ «ዝግጅት»፣ «አጠቃቀም»፣ «አያያዝ» ከሆነ፣ ርዕሶቹ በሁለቱም ጫፍ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ መሐል ላይ ተቀብሯል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዋናው ቃል ራቁቱን ከፊት ይምጣ። «የመስኖ ውሃ አጠቃቀም» ሳይሆን «ውሃ በስንት ቀን?»። «የተከላ ርቀት» ሳይሆን «ርቀት፦ በችግኝና በችግኝ መካከል»። «የዘር መጠን» ሳይሆን «ዘር ስንት ኪሎ?»። ይህ የንግግር አማርኛ ነው፣ አውቃለሁ፤ መመሪያ ጸሐፊው «ክብደት የለውም» ይል ይሆናል። ግን ገበሬው የልማት ባለሙያውን መንገድ ላይ ሲያገኘው የሚጠይቀው እኮ በዚሁ ቃል ነው። «የዘር መጠኑን ብታብራራልኝ» ያለ ገበሬ ካለ አሳዩኝ።

ራቁቱን የሚለው ቃል ሌላም ምክንያት አለው፣ ይህ ደግሞ የፊደላችን ብቻ ጉዳይ ነው። አንባቢው ገጽ ውስጥ በቃል ሲፈልግ «ቅጠል» ብሎ ይጽፋል። ጽሑፉ ውስጥ ያለው ግን «ቅጠሉ» ወይም «ቅጠሎች» ከሆነ ፍለጋው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ምክንያቱም «ል»፣ «ሉ» እና «ሎ» ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በላቲን ፊደል ቅጥያ ሲጨመር ዋናው ቃል እንዳለ ይቆያል፣ በእኛ ግን የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል። ከፊት የሚጨመሩት «የ»፣ «በ»፣ «ለ» ለዚህ ዓይነቱ ፍለጋ ችግር አይፈጥሩም፤ ከኋላ የሚጨመሩት ናቸው የሚሰውሩት። በዚህ ላይ የሞክሼ ፊደላት ጣጣ አለ፦ «ውሃ» ብሎ የፈለገ «ውኃ»ን አያገኝም፣ «ፀረ ተባይ» ያለ «ጸረ ተባይ»ን አያገኝም። በጽሑፉ አካል ውስጥ ሰዋስው የሚጠይቀውን ሁሉ ጻፉ። ርዕሱ ውስጥ ግን ቃሉ ቢያንስ አንዴ ያለ ቅጥያ፣ ሰው በብዛት በሚጽፍበት ፊደል ይቀመጥ። «ቅጠል ላይ ነጭ መስመር» ይገኛል። «በቅጠሎቹ ላይ የሚታዩ ነጫጭ መስመሮች» አይገኝም።

ርዕሱ ፍርድ ይስጥ ወይስ ምልክት ያሳይ?

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። አንባቢው ከቸኮለ ለምን መልሱን እዚያው ርዕሱ ውስጥ አንነግረውም? «ቅጠል ላይ ነጭ መስመር፦ ትሪፕስ ነው» ብንል አንዱን መስመር ብቻ አንብቦ ይሄዳል፤ ጨረስን።

ለቁጥር ይህ ጥሩ ነው። «ዘር፦ ለአንድ ሄክታር ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ» የሚል ርዕስ አንባቢውን በሰከንድ ያሰናብታል፤ ሩብ ሄክታር ያለው ሰው 1 ኪሎ ገደማ እንደሚበቃው ራሱ ያሰላል። ቁጥሩ አያሳስተውም።

ለሕመም ግን አደገኛ ነው። ነጭ መስመር ብዙ ጊዜ የትሪፕስ ሥራ ነው፤ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቀጭን ነፍሳት፣ ሙቀትና ድርቅ ሲበረታ የምትበዛ፣ ቅጠሎቹ በሚገናኙበት አንገቱ ሥር የምትደበቅ። ቅጠሉን ፍቃ ፈሳሹን ስለምትመጥ ነው ቦታው ብር የሚመስለው። ሌላ ደግሞ አለ፦ በፈንገስ የሚመጣ ነጠብጣብ፣ ሲጀምር ትንሽና ነጣ ያለ፣ ሲቆይ መሐሉ ወይን ጠጅ እየሆነ የሚሰፋ፣ እርጥበት የሚወድ። ሁለቱም በመጀመሪያው ቀን «ነጭ ነገር» ናቸው። ለነፍሳቷ የሚረጨው ፈንገሱን አይነካም፣ ለፈንገስ የሚረጨውም ነፍሳቷን አይገድልም። ርዕሱን ብቻ አንብቦ ወደ ሱቅ የሄደ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ጀርባው ላይ መርጫ አዝሎ ውሎ፣ በሳምንቱ ያው ነጭ ይጠብቀዋል። እሱ «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» ይላል። ጥፋቱ ግን የርዕሱ ነው።

ስለዚህ መለያው ይህ ነው፦ የመጠን ጥያቄ ከሆነ ርዕሱ መልሱን ይሸከም። የምልክት ጥያቄ ከሆነ ርዕሱ ምልክቱን ብቻ ይሸከም፣ ፍርዱ ወደ ውስጥ ይግባ። ውስጡም የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መለያውን ይስጥ። እንዲህ፦

ቅጠል ላይ ነጭ መስመር
መስመሩ ብር መስሎ በቅጠሉ ርዝመት ከወረደ ትሪፕስን ጠርጥሩ፤ ክብ ሆኖ መሐሉ ወደ ወይን ጠጅ ከሄደ የሚቀጥለውን ክፍል ተመልከቱ። ለማረጋገጥ ተክሉን ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉት፦ የሚንቀሳቀሱ ቀጫጭን ነፍሳት ከወደቁ ትሪፕስ ነው።

ቅጠል ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ
ይህ ፈንገስ ነው፤ የነፍሳት ማጥፊያ አይሠራለትም።

ሁለቱ ርዕሶች በአንድ ቃል መጀመራቸውን አስተውሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚወድቁ፣ አንዱን የነካ ሌላውን ማየቱ አይቀርም። ይህ መመሳሰል ቅድም ካማረርኩበት «የ» የተለየ ነው፤ ያኛው የተለያየውን ያመሳስላል፣ ይህኛው ሊምታታ የሚችለውን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣል።

«ከላይ እንደተገለጸው» የሚባል ግድግዳ

ከርዕሱ ሥር ያለውን ጽሑፍ የሚገድል አንድ የተለመደ ሐረግ አለ፦ «ከላይ እንደተገለጸው»። ለማን ነው የተገለጸው? በጎን ለገባ አንባቢ ላይ የሚባል ነገር የለም። ከላይ ያለው የማያውቀው አገር ነው።

ይህ ሐረግ የሚያመለክተው ጸሐፊው መድገምን እንደ ነውር ማየቱን ነው። በድርሰት ነውር ሊሆን ይችላል። በአሠራር ጽሑፍ ግን እያንዳንዱ ክፍል ብቻውን መቆም አለበት፤ አንድ ቁጥር ሁለት ቦታ ካስፈለገ ሁለት ቦታ ይጻፍ።

ከዚህ የሚከብድ ግን አለ፣ ይኸውም የጊዜ ጉዳይ። ሽንኩርት ከመነቀሉ በፊት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውሃ ማቆም አለበት። ይህ ካልሆነ አንገቱ ሳይደርቅ ይነቀላል፣ በአንገቱ በኩል መበስበስ ይገባል፣ ለገበያ ቀን የተቀመጠው ክምር ሽታ ይጀምራል። በተለመደው አጽም ይህ መመሪያ የት ይገኛል? «የመስኖ ውሃ አጠቃቀም» ሥር፣ የመጨረሻው አንቀጽ። ስለ መንቀል የሚያስብ ሰው ግን «የምርት አሰባሰብ»ን ነው የሚከፍተው፣ የሚከፍተውም ቅጠሉ ወድቆ ሲያይ ነው። እዚያ ደግሞ «ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅጠል ሲወድቅ ይነቀላል» ይለዋል። ትክክለኛ መረጃ ነው። ግን ውሃውን ትናንት አጠጥቷል። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፣ ሁለቱም ጽሑፉ ውስጥ አሉ፣ ምርቱ ግን በሰበሰ።

አንባቢ ፈልጎ የማያገኘው መረጃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የጠፋበት ነው። ሌላው መፈለግ እንዳለበት ያላወቀው ነው። የመጀመሪያውን ጥሩ ርዕስ ይፈታዋል። ሁለተኛውን ርዕስ ብቻውን አይፈታውም፤ መረጃው አንባቢው ቀድሞ በሚመጣበት ክፍል ውስጥ መተከል አለበት። የሽንኩርቱን ጉዳይ ብንወስድ «ችግኝ መቼ ይዛወራል?» የሚለው ክፍል ሰው በእርግጠኝነት የሚከፍተው ነው፤ ችግኝ መደብ ላይ ከ45 እስከ 55 ቀን ቆይቶ ነው የሚዛወረው፣ ገበሬው ቀኑን እየቆጠረ ይመጣል። እዚያው ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «የተከላችሁበትን ቀን መዝግቡ፤ ከመንቀል 3 ሳምንት ሲቀር ውሃ ይቆማል፣ ቀኑን የምታሰሉት ከዚህ ነው»። ከዚያ «ውሃ መቼ ይቆማል?» የሚል ራሱን የቻለ ርዕስ፣ ከዚያ «መንቀል መቼ?» ሥር የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ውሃ ካቆማችሁ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሞልቶት እንደሆነ አረጋግጡ» ይበል። ሦስት ቦታ ተደገመ። ይደገም።

የመርጨት ጥንቃቄም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። ብዙ መመሪያ መጨረሻ ላይ «ጥንቃቄ» የሚል ክፍል አለው። ለምን የሚፈልገው ሰው ይኖራል? ጓንትና የአፍ መሸፈኛ የሚያስታውሰው፣ ከርጭት በኋላ እስከ መንቀል ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ከመለያ ወረቀቱ እንዲያነብ የሚያዘው መስመር፣ ስለ መርጨት ከሚያወራው ዓረፍተ ነገር በፊት፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው መግባት ያለበት።

ቁጥር ስም አይሆንም፦ የፍትሐ ብሔር ሕግ

«አማርኛ ለዚህ ዓይነት አጻጻፍ አይመችም» የሚል ሰው አይጠፋም። ለእሱ አንድ መጽሐፍ ላስታውሰው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 አንቀጾች አሉት፤ አንቀጾቹም ከቁጥራቸው ጎን አጭር ርዕስ አላቸው። ማንም ከዳር እስከ ዳር አያነበውም፣ ግን ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላም ይፈለግበታል፣ ይገኝበታልም። በአማርኛ፣ በዚህ ስፋት፣ ይቻላል።

ሆኖም ገደቡንም ያሳየናል። ኑዛዜ መጻፍ የፈለገ ሰው ይዞት የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ምስክር ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ሕጉ ግን የሚያስገባው በኑዛዜው ዓይነት ነው፦ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ፣ በቃል የሚደረግ። በግልጽ የሚደረገው በመርሕ ደረጃ በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የጻፈው በሌላ ሥርዓት ይሄዳል፤ የቃሉ ደግሞ 2 ምስክር ይጠይቃል። ርዕሶቹ ግልጽ ናቸው፣ ግን ግልጽ የሆኑት ለጠበቃ ነው። ከዚህም በላይ አንድ ጉዳይ በተከታታይ አንቀጾች ሲሄድ ርዕሶቹ አንዳንዴ በቁጥር ይቀጥላሉ፣ የሁለተኛው ርዕስ ትርጉም የሚሰጠው የመጀመሪያውን ላነበበ ብቻ ይሆናል። ለሕግ መጽሐፍ ይህ ይቅር ይባላል፣ ዳኛና ጠበቃ መሐል ላይ አሉና። በሀብሩ ማሳ ላይ ላለው ልጅ ግን ጠበቃ የለውም። «ደረጃ 2»፣ «ክፍል 3»፣ «ተጨማሪ ነጥቦች» የሚሉ ርዕሶች ለእሱ በር አይደሉም፤ የበር ሥዕል ናቸው።

ደማቅ ጽሑፍ ርዕስ አይደለም

አንድ የቴክኒክ ነገር አለ፣ በአጭሩ። ብዙ ሰው ርዕስ የሚያበጀው ጽሑፉን አድምቆና አተልቆ ነው። ለዓይን ርዕስ ይመስላል፤ ለማሽኑ ግን ያው ተራ መስመር ነው። በዎርድም ሆነ በጎግል ሰነድ ርዕሱ እንደ `Heading 2` ባለ የርዕስ ዓይነት ካልተመረጠ የይዘት ማውጫ ራሱ አይሠራም፣ በዎርድ የጎን ዝርዝሩም ባዶ ይሆናል። ድረ ገጽ ላይ ልዩነቱ ይህ ነው፦

```
<p><b>ቅጠል ላይ ነጭ መስመር</b></p>
<h2>ቅጠል ላይ ነጭ መስመር</h2>
```

ዓይነ ስውር አንባቢ በስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር `H` የምትለዋን ቁልፍ እየነካ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል። የመጀመሪያው መስመር ላይ አይቆምለትም፣ ሁለተኛው ላይ ይቆምለታል። ቀይ ቀለሙን የተካው እውነተኛው ነገር ይህ ምልክት ነው፤ ድምቀቱ ጌጡ ብቻ ነው።

ርዕስ የማይረዳበት ቦታ

ይህን ሁሉ ብዬ ስጨርስ ርዕስ እንደ በርበሬ ይበተን እያልኩ እንዳይመስል። ቅደም ተከተሉ ራሱ መልስ የሆነበት ሥራ አለ። ችግኝ ነቅሎ መትከልን እንውሰድ፦ መደቡን ማጠጣት፣ ሥሩ ሳይበጠስ መንቀል፣ በቦይና በቦይ መካከል 40፣ በመስመርና በመስመር 20፣ በተክልና በተክል 10 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መትከል፣ ወዲያው ማጠጣት። ይህ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። በአራት ርዕስ ብትቆራርጡት አንባቢው ሦስተኛው ላይ ገብቶ የመጀመሪያውን ይዘላል፣ ችግኙም ይጠወልጋል። በአንድ ርዕስ ሥር፣ በተራ ቁጥር ይቀመጥ። መለያው፦ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ብቻውን ጥያቄ ይዞ ሊመጣ ይችላል? ይችላል ከሆነ ርዕስ ይገባዋል። አይችልም ከሆነ የሌላው አካል ነው።

የሽንኩርቱን መመሪያ በዚህ መለያ ሳጣራው ሦስት ትላልቅ ክፍሎች ቀሩ፦ «ከመትከል በፊት»፣ «ማሳ ላይ እያለ»፣ «ሲደርስና ከተነቀለ በኋላ»። ጥያቄዎቹ በየሥራቸው ገቡ። «መግቢያ» እና «ማጠቃለያ» ወጡ። «ኢኮኖሚያዊ ጠቀሜታ»ም ወጣ፤ መሬቱን ለሽንኩርት ያረሰ ሰው ሽንኩርት እንደሚጠቅም አይነገረውም።

መፈተኛው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ርዕሶቹን ብቻ ለብቻ ገልብጣችሁ ጽሑፉን ላላየ ሰው ስጡት፣ ቢቻል ሥራውን በእጁ ለሚሠራ። ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ «ቅጠሉ ነጭ ነጭ አደረገ፣ የቱን ትከፍታለህ?»፣ «ዘር ስንት ልግዛ?»፣ «የተቀመጠው እየበሰበሰ ነው፣ ለምን?»። ጣቱ በቀጥታ ከሄደ ርዕሱ ሠርቷል። ጣቱ በሁለት ርዕስ መካከል ከተንጠለጠለ ሁለቱ አልተለያዩም ማለት ነው። «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ ከጠየቃችሁ ደግሞ አታብራሩለት፤ በአፉ የተናገረውን ቃል ጻፉና ርዕስ አድርጉት።